ሐረካት የሌለውን ዐረብኛ እንዴት እናነባለን?

ከመድረሳ ብዙ ዓመት የቆየ፣ ቁርአንን በተጅዊድ የሚቀራ ሰው የዐረብኛ ጋዜጣ ወይም ሐረካት ያልተደረገበት ኪታብ ሲሰጡት የመጀመሪያው መስመር ላይ ሊቆም ይችላል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ከላይና ከታች የለመዳቸው ፈትሓ፣ ከስራ፣ ደምማ፣ ሱኩንና ሸዳ ግን የሉም። ዐረቦች ታዲያ በየቀኑ የሚያነቡት ይህንኑ ጽሑፍ ነው፤ ሐረካት እንዲደረግላቸውም አይጠይቁም። የጎደለውን ከየት አምጥተው ይሞሉታል? በዚህ ጽሑፍ ይህንን በምሳሌ እያየን እንሄዳለን። በስተመጨረሻም ይህ አሞላል የት ድረስ እንደሚያስኬድና የት ላይ መቆም እንዳለበት እንመለከታለን።

በአማርኛም የማይጻፍ ድምፅ እናነባለን

ነገሩ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። «ኡስታዙ መስጂድ ውስጥ አለ» እና «ኡስታዙ ቁጭ በሉ አለ» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እናንብብ። በመጀመሪያው «አለ» የሚለው ቃል «ለ» ይጠብቃል፤ በሁለተኛው ይላላል። አንደኛው መኖርን፣ ሌላኛው መናገርን ያመለክታል። በጽሑፉ ላይ ግን ልዩነት የለም። «ልጁ ዳቦ ይበላል» ስንልና «ይህ ቅጠል ይበላል» ስንልም እንዲሁ ነው። በሁለተኛው «በ»ም «ላ»ም ይጠብቃሉ፤ በላተኛው ተበይ ይሆናል።

የግእዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። እኛም ሳናስበው እንሞላዋለን። የምንሞላው ደግሞ በሁለት ነገር ነው። አንደኛ ቋንቋው የትኞቹን ቃላት እንደሚያውቅ እናውቃለን፤ ሁለተኛ ዙሪያው ያሉት ቃላት የትኛው እንደተፈለገ ይነግሩናል። ቅጠል አፍ ስለሌለው አይበላም፤ ስለዚህ የሚበላው እሱ ነው።

የግእዝ ጽሑፍ ራሱ ጥንት አናባቢ አልነበረውም። በአክሱም ዘመን የተገኙት የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች ተነባቢ ፊደል ብቻ ናቸው። ዛሬ የምናውቃቸው ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ የሚባሉት ቅርጾች የመጡት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ጊዜ ገደማ ነው። ግእዝ አናባቢውን ከፊደሉ አካል ጋር አጣበቀው። ዐረብኛ ግን ከፊደሉ ውጭ፣ ከላይና ከታች አስቀመጠው። ከፊደሉ ውጭ ስለሆነም ሲፈለግ ይደረጋል፣ ሳይፈለግ ይቀራል።

የሚጎድለው ሁሉም አይደለም

መጀመሪያ ምን እንደሚጎድል በትክክል እንወቅ። ዐረብኛ ሦስት ረጃጅም አናባቢዎች አሉት፤ እነሱ በአሊፍ፣ በዋውና በያ ይጻፋሉ። እነዚህ ሐረካት በሌለው ጽሑፍም አይጠፉም ማለት ይቻላል። የሚጠፉት ሦስቱ አጫጭር አናባቢዎች፣ የፊደል መጥበቅ (ሸዳ) እና የቃል መጨረሻ ድምፆች ናቸው።

አሁን ካፍ፣ ታ እና ባ የሚሉትን ሦስት ፊደሎች እንውሰድ። ሐረካት የሌለውን አጻጻፍ በሳድስ ፊደል «ክትብ» ብለን እናስቀምጠው። ቃል በሱኩን ስለማይጀምር ለመጀመሪያው ፊደል ሦስት አማራጭ አለ፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሱኩን ሲጨመር አራት አራት አማራጭ ይኖራል። ሸዳና ተንዊን ሳይቆጠሩ እንኳ 3 × 4 × 4 ስናባዛ 48 ዓይነት ንባብ ይወጣል። አንባቢው በእያንዳንዱ ቃል 48 መንገድ የሚያማርጥ ቢሆን ኖሮ አንድ ገጽ በቀን አያልቅለትም ነበር።

የሚያማርጠው ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ መካከል በብዛት የሚያጋጥሙት አራት ናቸው፦ «ከተበ» (ጻፈ)፣ «ኩቲበ» (ተጻፈ)፣ «ኩቱብ» (መጻሕፍት)፣ እንዲሁም ታው ጠብቆ «ከትተበ» (አስጻፈ)። ሌሎቹ ቋንቋው የማያውቃቸው ወይም እጅግ ብርቅ የሆኑ ናቸው። ይህ የመጀመሪያው ቁልፍ ነው፤ ዐረብኛ ቃላትን የሚሠራው በዘፈቀደ ሳይሆን በተወሰኑ ቅርጾች ነው። የሶርፍ ትምህርት «ፈዐለ»፣ «ፋዒል»፣ «መፍዑል» እያለ የሚያስጠናን እነዚህን ቅርጾች ወይም ሚዛኖች ነው።

ተጨማሪ ፊደል በገባ ቁጥር አማራጩ ይጠባል። ከሦስቱ ፊደሎች ፊት ሚም፣ ከታው በኋላ ደግሞ ዋው ሲገባ «መክቱብ» (የተጻፈ) ይሆናል፤ ሌላ ንባብ የለውም ማለት ይቻላል። ከካፉ በኋላ አሊፍ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ «ካቲብ» (ጸሐፊ) ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ «ካተበ» (ተጻጻፈ) ይሆናል። ከታው በኋላ አሊፍ ሲመጣ «ኪታብ» ነው ብለን እንቸኩላለን። ነገር ግን በዚያው አጻጻፍ «ኩትታብ» የሚባል ቃልም አለ፤ ጸሐፊዎች ማለት ነው፣ ሕፃናት ቁርአን የሚቀሩበት ቤትም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ ልምድ ያለው አንባቢ ቃሉ ላይ ሲደርስ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በሚም፣ በአሊፍ፣ በዋውና በያ ላይ ነው። የቃሉን ሚዛን የሚነግሩት እነሱ ናቸው፤ ሚዛኑ ከታወቀ ደግሞ ሐረካቱ ከሞላ ጎደል አብሮ ይመጣል።

ቀጣዩ ቃል ያለፈውን ያስነብባል

ቅርጹ ብቻውን የማይወስንበት ጊዜ ሁለተኛው ቁልፍ ይመጣል፤ እሱም የዓረፍተ ነገሩ አሠራር፣ ማለትም ነሕው ነው። «ክትብ አልውልድ» የሚል ጽሑፍ አጋጠመን እንበል። «አልወለድ» ልጁ ነው። ሐረጉ «ከተበ አልወለዱ» ከሆነ «ልጁ ጻፈ» ይሆናል። «ኩቱቡ አልወለዲ» ከሆነ ደግሞ «የልጁ መጻሕፍት» ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው የትኛው ትክክል እንደሆነ ማወቅ አይችልም፤ ቢያውቅም ገምቶ ነው።

ሦስተኛው ቃል «አድደርስ» (ትምህርቱን) ከሆነ ነገሩ ያበቃል። «የልጁ መጻሕፍት ትምህርቱን» የሚል ዓረፍተ ነገር የለም፤ «ልጁ ትምህርቱን ጻፈ» ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሰን የመጀመሪያውን ቃል «ከተበ» ብለን እናጸናለን። ሦስተኛው ቃል «ጀዲዳ» (አዲስ) ከሆነ ግን ይገለበጣል። ቃሉ በሴት ጾታ ነው የመጣው፤ ልጁ ወንድ ስለሆነ የእሱ ቅጽል ሊሆን አይችልም። በዐረብኛ ሰው ያልሆኑ ብዙ ነገሮች እንደ አንዲት ሴት ስለሚቆጠሩ ከመጻሕፍቱ ጋር ይስማማል። ስለዚህ «ኩቱቡ አልወለዲ ጀዲደቱን»፣ «የልጁ መጻሕፍት አዲስ ናቸው» ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። የመጀመሪያውን ቃል ያስነበበን ሦስተኛው ቃል ነው። ሐረካት በሌለው ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ከአንደበቱ መቅደም አለበት። ሐረካት ባለበት ጽሑፍ የለመደ ጀማሪ ግን ቃል በቃል ድምፅ እያወጣ ይሄዳል፤ ትርጉሙን ካነበበ በኋላ ይፈልጋል። ጋዜጣው ላይ የሚቆመው ፊደል ስላልቻለ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ስለተለወጠበት ነው።

አንድ ተጨማሪ ምሳሌ እንመልከት፤ ይህኛው ጠበቅ ያለ ነው። ከሦስቱ ፊደሎች መጨረሻ ላይ አንድ ታ ሲጨመር «ክትብት» የሚል አጻጻፍ ይወጣል። ይህ አንድ አጻጻፍ ቢያንስ አምስት ንባብ ይቀበላል፦ «ከተብቱ» (ጻፍኩ)፣ «ከተብተ» (ጻፍክ)፣ «ከተብቲ» (ጻፍሽ)፣ «ከተበት» (ጻፈች) እና «ኩቲበት» (ተጻፈች)። ከእሱ ቀጥሎ «ኡኽቲ» (እህቴ) የሚል ቃል ከመጣ፣ ከዚያም «ሪሳላ» (ደብዳቤ) ከተከተለ፣ የጻፈችው እህቴ ናት፤ «ከተበት» ብለን እናነባለን። ቀጥሎ «ለኪ» (ላንቺ) የሚል ካለ ግን ጸሐፊው «እኔ» ወይም «እሷ» ይሆናል፤ ይህን የሚለየው ከዚያ በፊት ያለው አንቀጽ ነው። ደብዳቤ እያነበብን ከሆነና የሚናገረው ሰው ላኪው ራሱ ከሆነ «ከተብቱ» ነው። እዚህ ላይ ነሕው ሥራውን ጨርሶ ለወሬው አውድ ያስረክባል ማለት ነው።

አውዱም የማይለይበት ቦታ አለ። «ክትብ አልውልድ» ካለ በኋላ «ጠረጴዛው ላይ» የሚል ቢከተል «ልጁ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ» ወይም «የልጁ መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ናቸው» ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሰዋስው አይሰብሩም፤ ሁለቱም ትርጉም ይሰጣሉ። ጥሩ ጸሐፊዎችና አሳታሚዎች እንዲህ ያለ ቦታ ሲያጋጥማቸው አንዲት ሐረካ ብቻ ያስቀምጣሉ። «ኩቲበ» ለማለት ካፉ ላይ ደምማ፣ «ኩትታብ» ለማለት ታው ላይ ሸዳ ያደርጋሉ፤ ሌላውን ባዶ ይተዉታል። ስለዚህ ባዶ በሆነ ገጽ ላይ አንዲት ሐረካ ብቻዋን ካየን ችላ ብለን አንለፋት። ጸሐፊው «እዚህ ላይ ትሳሳታላችሁ» ብሎ ያስቀመጣት ምልክት ናት።

በአንዲት የመጨረሻ ሐረካ ላይ የተንጠለጠለ ሑክም

የቃል መጨረሻ ሐረካ (ኢዕራብ) ለጀማሪ እንደ ጌጥ ሊታየው ይችላል፤ ስንቆም በሱኩን ስለምንዘጋው ብዙ ጊዜ አይሰማም። ነገር ግን ማን ሠራ፣ በማን ላይ ተሠራ፣ የማን ነው የሚለውን የሚለየው እሱ ነው። ዑለማኦች በፊቅህ ሲወያዩበት ከቆዩት አንዱን እንይ።

በጽንስ ጉዳይ የመጣ ሐዲስ አለ። የታረደች እንስሳ ሆዷ ውስጥ ሽል ሞቶ ቢገኝ ይበላል ወይ የሚለውን ይመለከታል። በሐዲሱ ውስጥ «ዘካት» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይመጣል። ይህ በዛል ፊደል የሚጻፈው፣ ማረድ ማለት የሆነው ቃል ነው፤ ከገንዘብ ከሚወጣው ዘካት የተለየ ነው። ሁለተኛው «ዘካት» መጨረሻው በደምማ ሲነበብ ትርጉሙ የጽንሱ መታረድ የእናቱ መታረድ ራሱ ነው የሚል ይሆናል። እናቱ ከታረደች ለእሱም በቃው፤ ይበላል። አብዛኞቹ ዑለማኦች፣ ከእነሱም መካከል ኢማሙ ሻፊዒይና ኢማሙ አሕመድ፣ በጥቅሉ በዚህ መንገድ ሄደዋል። የአቡ ሐኒፋ ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎች አቡ ዩሱፍና ሙሐመድም በዚህ ጉዳይ ከመምህራቸው ተለይተው ከእነሱ ጋር ናቸው።

ቃሉ መጨረሻው በፈትሓ ሲነበብ ግን ትርጉሙ የጽንሱ መታረድ እንደ እናቱ አስተራረድ ነው ወደሚል ይሄዳል። ያኔ በሕይወት ወጥቶ እንደ እሷ ካልታረደ አይበላም ማለት ነው። የአቡ ሐኒፋን አቋም ከደገፉ የሐነፊያ ዑለማኦች በኩል ከቀረቡት መልሶች አንዱ ይህ ንባብ ነው። ሌሎቹ ደግሞ በዘገባ የታወቀው የደምማው ንባብ ነው ብለው ይመልሳሉ።

ጽሑፉን ብቻ ይዞ ለሚመለከት ሰው ሁለቱም ንባቦች ያስኬዳሉ። ፊደሎቹ አንድ ናቸው፤ ሰዋስው ሁለቱን ይቀበላል። ስለዚህ ዑለማኦቹ የተከራከሩት «ቃሉ እንዴት ሊነበብ ይችላል?» በሚለው ላይ ብቻ አይደለም፤ «እንዴት ሆኖ ነው የተላለፈልን?» በሚለውም ላይ ነው። አውድ አማራጮችን ያጣራል፤ ከተጣሩት መካከል የተባለው የትኛው እንደሆነ ግን ሁልጊዜ አይናገርም።

አውድ የማይረዳባቸው ሁለት ቦታዎች

የመጀመሪያው የሰው ስም ነው። ስም ሚዛኑን ቢያስገምትም ዓረፍተ ነገሩ አያረጋግጠውም፤ በየትኛውም ሐረካ ብናነበው ወሬው አይበላሽም። ዐይን፣ ባ፣ ያ፣ ዳልና ታእ መርቡጣ ተብሎ የሚጻፍ ስም አለ። ሶሓባው አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀርራሕ ጋር ሲመጣ «ዑበይዳ» ነው። ከታቢዒዮች አንዱ የሆኑት አስ-ሰልማኒይ ጋር ሲመጣ ግን በዚያው ፊደል «ዐቢዳ» ነው። ኢስናዱን ያልሰማ ሰው ይህን ከአውድ ሊያወጣው አይችልም።

የሐዲስ ዑለማኦች ይህን ችግር ስላወቁት አጻጻፋቸው አንድ ሆኖ ንባባቸው የሚለያይ ስሞችን የሚያጠና የራሱ ዘርፍ አበጁ፤ «አል-ሙእተሊፍ ወል-ሙኽተሊፍ» ይባላል። ምልክት በመገልበጥ ብዛት ሊጠፋ ወይም ሊንሸራተት ስለሚችል ሐረካውን በቃል ይጽፉታል፤ «ዐይኑ በደምማ፣ ባው በፈትሓ» ብለው። ኪታብ ስንቀራ ከስም ቀጥሎ እንዲህ ያለ ገለጻ ስናይ ለሌላ ዓላማ የገባ እንዳይመስለን። የጠፋውን አናባቢ ማንም እንዳያጠፋው በፊደል አስረው ማስቀመጣቸው ነው። ይህ ሥራ «ዶብጥ» ይባላል።

ሁለተኛው ቦታ ቁርአን ነው። በኸሊፋ ዑስማን (ረዲየላሁ ዐንሁ) ዘመን የተጻፉት ሙስሐፎች ሐረካት ብቻ ሳይሆን የፊደል ነጥቦችም አልነበሯቸውም። ሐረካትን በማስቀመጥ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው በ69 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት አቡል አስወድ አድ-ዱአሊይ ናቸው። የእሳቸው ምልክቶች ቀለማቸው ከጽሑፉ የተለየ ነጥቦች ነበሩ፦ ለፈትሓ ከፊደሉ በላይ፣ ለከስራ ከታች፣ ለደምማ ከጎን። ዛሬ የምናውቃቸውን ቅርጾች ያመጡት በ2ኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን የኖሩት አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ ናቸው፤ ደምማ ከትንሽ ዋው፣ ፈትሓ ከተጋደመ ትንሽ አሊፍ የተወሰዱ ናቸው።

ታዲያ ከዚያ በፊት የነበሩት ሙስሊሞች ቁርአንን ከአውድ እየገመቱ ነበር የሚያነቡት? አይደለም። ንባቡ ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፍ ነበር፤ ጽሑፉ ለሐፈዙት ማስታወሻ ነበር። የፋቲሓን አራተኛ አንቀጽ እናስብ። በዑስማኒይ አጻጻፍ የመጀመሪያው ቃል ሚም፣ ላምና ካፍ ብቻ ነው። ዓሲምና ኪሳኢይ ሚሙን ስበው «ማሊኪ» ብለው ያነቡታል፤ ባለቤት ማለት ነው። ናፊዕን ጨምሮ ሌሎቹ ከሰባቱ ቃሪኦች ደግሞ «መሊኪ» ብለው ያነቡታል፤ ንጉሥ ማለት ነው። እኛ አገር በብዛት የሚቀራው በሐፍስ ከዓሲም በተላለፈው ስለሆነ የለመድነው የመጀመሪያውን ነው። በሞሮኮ መስጂዶች በወርሽ ከናፊዕ ስለሚቀሩ ሁለተኛውን እንሰማለን። ሁለቱም ትክክል የሆኑት አውዱ ስለተቀበላቸው ሳይሆን ሁለቱም በሰንሰለት ስለተላለፉ ነው። ትርጉሙ ያማረ፣ ሰዋስው ያልሰበረ፣ ግን ያልተላለፈ ንባብ በቁርአን ተቀባይነት የለውም።

በተግባር እንዴት እንለማመድ

ስለዚህ ልምምዱን ከሌላ ጽሑፍ እንጀምር። ሐረካት ያለውም የሌለውም ሕትመት ያለው ኪታብ ይመረጥ፤ ለምሳሌ «ሪያዱስ-ሷሊሒን» በሁለቱም ዓይነት ይገኛል። ሐረካት ከሌለው አምስት ስድስት መስመር ወረቀት ላይ እንገልብጥ። ድምፅ ሳናወጣ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው በዓይን እንሂድበት። መጀመሪያ ግሡን፣ ቀጥሎ ባለቤቱን እንፈልግ። ከዚያ በእርሳስ ሐረካቱን ሞልተን ሐረካት ካለው ጋር እናስተያይ።

ስህተቱ የት እንዳለ ራሱ ይነግረናል። የቃሉ መካከል ላይ የሚደጋገም ከሆነ የጎደለን ሶርፍ ነው፤ ሚዛኖቹን መመለስ ያስፈልጋል። መጨረሻው ላይ ከሆነ የጎደለን ነሕው ነው። ሁለቱም ትክክል ሆነው ትርጉሙ ከተሳሳተ ቃሉን ራሱን አላወቅነውም፤ በሥሩ መዝገበ ቃላት ውስጥ እንፈልገው። በማንበብ ላይ ሳለንም ተሳስተን እንደሆነ የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ፦ ግሡ ሠሪ ካጣ፣ ቅጽሉ ከሚገልጸው ስም ጋር በጾታ ካልተስማማ፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩ አልቆ አንድ ቃል ቦታ ካጣ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከኋላችን የተውነው ቃል ላይ ነው። ወደፊት ከመግፋት ይልቅ ተመልሰን ሌላውን ንባብ እንሞክር።

አንድ ነገር ግን እናስተውል። በዛሬ ዘመን የሚታተሙ የቀደምት ኪታቦች ላይ የምናየው ሐረካት በአብዛኛው ኪታቡን ያዘጋጀው ሰው የጨመረው ነው። እሱም እንደ እኛው ከሶርፍ፣ ከነሕውና ከአውድ ተነስቶ የሞላው ነው፤ ሊሳሳት ይችላል። ሐረካቱና ትርጉሙ ሲጋጩብን ሌላ ሕትመት እናመሳክር፤ ነገሩ ሑክም ወይም የራዊ ስም ከሆነ ደግሞ ኪታቡን ከሸኽ የቀራ ሰው እንጠይቅ።